ሚዲያንን ከተጠራቀመ ድግግሞሽ ሰንጠረዥ ማስላት፦ 37.2፣ 37.5 ወይስ 37.7?

ጥያቄ፦ 80 ሰዎች አንድ ሥራ ለመጨረስ የፈጀባቸው ጊዜ ወደ ቅርቡ ሙሉ ደቂቃ ተጠጋግቶ በመደብ ተሰጥቶናል። መደቦቹ 10–19፣ 20–29 እያሉ እስከ 60–69 ይሄዳሉ፤ ድግግሞሻቸው 6፣ 14፣ 25፣ 18፣ 11፣ 6 ነው። ሚዲያኑን ስሠራ 37.2 መጣልኝ፣ ጓደኛዬ 37.7 አገኘ፣ የመልስ ወረቀቱ ደግሞ 37.5 ይላል። ሁላችንም የሠራነው በአንድ ቀመር ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ደግሞስ 37.5 ራሱ እውነተኛው ሚዲያን ነው?

ምላሽ፦

የመልስ ወረቀቱ ልክ ነው። የእርስዎ 37.2 የመጣው የመደቡን መነሻ 30፣ ወርዱን ደግሞ 9 አድርገው ስለያዙ ነው። ጓደኛዎ በ40 ፈንታ 40.5 ስላስገባ 37.7 ላይ ደርሷል። ቀመሩ አንድ ሆኖ ውጤቱ የሚለያየው፣ ፊደሎቹ ምን እንደሚወክሉ ሳይታይ ቁጥር ሲከተትባቸው ነው። ስለዚህ ቀመሩን ለጊዜው እንተወውና ሰንጠረዡ የሚለውን እንከተል።

| ጊዜ (ደቂቃ) | ድግግሞሽ | የተጠራቀመ ድግግሞሽ |
|---|---|---|
| 10–19 | 6 | 6 |
| 20–29 | 14 | 20 |
| 30–39 | 25 | 45 |
| 40–49 | 18 | 63 |
| 50–59 | 11 | 74 |
| 60–69 | 6 | 80 |

የመጨረሻው አምድ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ እስከዚህ መደብ መጨረሻ ድረስ በጠቅላላው ስንት ሰው ጨርሷል? የ20–29 መደብ ሲያበቃ 20 ሰው፣ የ30–39 መደብ ሲያበቃ 45 ሰው ጨርሷል። የ80 ግማሽ 40 ነው። 40 ከ20 ይበልጣል፣ ከ45 ያንሳል፤ ስለዚህ ግማሹ ሰው የሚሞላው በ30–39 መደብ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነው። የሚዲያን መደብ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ የተጠራቀመው ድግግሞሽ ለመጀመሪያ ጊዜ 40 የሚደርስበት ወይም 40ን የሚያልፍበት ረድፍ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚህ ሰንጠረዥ የሚዲያን መደብ እና ትልቁ ድግግሞሽ ያለበት መደብ አንድ ሆነዋል። ይህ አጋጣሚ ነው፤ ትልቁን ድግግሞሽ ፈልጎ መደቡን የመረጠ ተማሪም እዚህ ይሳካለታል፣ ስሕተቱም አይታይበትም። ድግግሞሹ 30፣ 14፣ 12፣ 10፣ 8፣ 6 ቢሆን ኖሮ ድምሩ አሁንም 80 ነው፤ ትልቁ ድግግሞሽ በመጀመሪያው መደብ ላይ ይሆናል፣ ሚዲያኑ ግን በሁለተኛው፤ ምክንያቱም የተጠራቀመው 30 ብሎ ቀጥሎ 44 ይላልና።

አሁን ወደ መደቡ ውስጥ እንግባ። ደጃፉ ላይ ስንቆም 20 ሰው ቀድሞ ተቆጥሯል። 40 ለመሙላት ሌላ 20 ሰው ያስፈልገናል። መደቡ ውስጥ ያሉት 25 ናቸው። ስለዚህ ከ25ቱ 20ውን፣ ማለትም የመደቡን አራት አምስተኛ፣ አልፈን መሄድ አለብን። 25ቱ ሰዎች በመደቡ ርዝመት ላይ እኩል ተበትነዋል ብለን ከተቀበልን፣ ከሰዎቹ አራት አምስተኛውን ማለፍ ከርዝመቱ አራት አምስተኛውን መጓዝ ነው። መደቡ፣ ምክንያቱን ቀጥለን እንደምናየው፣ ከ29.5 እስከ 39.5 ይዘልቃል፣ ርዝመቱ 10 ነው፤ አራት አምስተኛው 8 ነው፤ 29.5 ላይ 8 ሲደመር 37.5። ኢንተርፖሌሽን ከዚህ የተለየ ነገር የለውም፤ ቀመሩም ይህንኑ በአጭሩ ይጽፈዋል፦

```
M = L + ((n/2 - F) / f) * h
37.5 = 29.5 + ((40 - 20) / 25) * 10
```

M ሚዲያኑ፣ n የሰዎቹ ጠቅላላ ብዛት፣ L ደግሞ የሚዲያን መደብ ታችኛ ወሰን ነው። F ከዚያ መደብ *በፊት* የተጠራቀመው ነው፣ f የመደቡ የራሱ ድግግሞሽ፣ h ደግሞ ወርዱ። F ላይ ብዙዎች የመደቡን የራሱን ረድፍ፣ 45ን ይወስዳሉ። ያን ጊዜ 40 ሲቀነስ 45 አሉታዊ ይሆንና ውጤቱ 27.5 ይወጣል። ይህ ከመደቡ ውጭ ስለሆነ ወዲያው ያስታውቃል። ተንኮለኛው ስሕተት f ላይ የሚሠራው ነው። በ25 ፈንታ በ45 የሚያካፍል ሰው 33.9 ያገኛል፤ 33.9 በመደቡ ውስጥ ስለሚውል ማንንም አያስደነግጥም። ስለዚህ «መልሱ በመደቡ ውስጥ ነው» የሚለው ማረጋገጫ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። የተሻለውን ዝቅ ብዬ አሳያለሁ።

29.5 ወይስ 30?

ጊዜው ወደ ቅርቡ ሙሉ ደቂቃ ተጠጋግቷል ብለዋል። ይህች ቃል ሁሉንም ትወስናለች። «30» ተብሎ የተጻፈው ሰው በትክክል ሲለካ ከ29.5 እስከ 30.5 ባለው ቦታ የትም ሊሆን ይችላል፤ «39» የተባለውም እስከ 39.5 ሊደርስ ይችላል። ሰንጠረዡ ላይ የምናያቸው 30 እና 39 የመደቡ ገደቦች ናቸው፤ መዝገብ ላይ ሊጻፉ የሚችሉት ትንሹና ትልቁ ቁጥሮች ማለት ነው። እውነተኛው ጊዜ የሚዘረጋው ግን በወሰኖቹ፣ በ29.5 እና በ39.5 መካከል ነው።

ወርዱን ከ39 ላይ 30 ቀንሶ 9 ማለት ከዚሁ ግራ መጋባት የሚመጣ ነው። 30፣ 31፣ 32 እያሉ እስከ 39 ቢቆጥሩ አሥር ቁጥሮች አሉ። ወርድን በቀላሉ ለማግኘት የተከታታይ መደቦችን መነሻዎች ይቀንሱ፤ 40 ሲቀነስ 30 አሥር ነው። መነሻን 30፣ ወርድን 9 ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ መደቡ መጨረሻ ድረስ ይሂዱ። 25ቱንም ሰዎች ቢያልፉ 30 ላይ 9 ተደምሮ 39 ላይ ይደርሳሉ፤ ቀጣዩ መደብ ደግሞ ከ40 ይጀምራል። በመካከሉ ማንም የማይገኝበት የአንድ ደቂቃ ጉድጓድ ተቆፍሯል ማለት ነው። ጊዜ ግን ሳይቋረጥ የሚሄድ ነገር ስለሆነ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሊኖረው አይችልም። በ29.5 እና በ10 ሲሠራ ግን አንዱ መደብ 39.5 ላይ ያበቃል፣ ቀጣዩም ከዚያው ከ39.5 ይነሣል።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ 0.5 ይቀነስ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ይህን እንደ ደንብ የሸመደደ ሰው በሌላ ሰንጠረዥ ላይ ይወድቃል። መደቦቹ የዕድሜ መደቦች ቢሆኑ ኖሮስ? ዕድሜ ሲጠየቅ ሰው የሚናገረው የሞሉትን ዓመታት ነው። 39 ዓመት ከአሥራ አንድ ወር የሆነውም «39» ነው የሚለው፤ ወደ 40 አያጠጋጋም። ስለዚህ 30–39 የሚለው የዕድሜ መደብ ከ30 ጀምሮ 40 እስኪሞላ ድረስ ነው። በእነዚሁ ድግግሞሾች L 30፣ h 10 ይሆንና ሚዲያኑ 38.0 ይወጣል። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ መልሱ ግን በ0.5 ይለያል፤ ለያያቸውም አመዘጋገቡ ነው። ሰንጠረዡ «ከ30 ጀምሮ፣ ከ40 በታች» ብሎ ከጻፈም እንዲሁ ወሰኑ 30 ነው። ልኬቱ እስከ አንድ አሥረኛ ተጠጋግቶ 30.0–39.9 ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ወሰኑ 29.95 ይሆናል። ከማስላትዎ በፊት መጠየቅ ያለበት «በመዝገቡ ላይ 30 ተብሎ የተጻፈው ሰው በእውነት ከስንት እስከ ስንት ሊሆን ይችላል?» የሚለው ነው።

40 ወይስ 40.5?

የጓደኛዎ ስሕተት የሚከበር ምክንያት አለው። ጥሬ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል ደርድረን ሚዲያን ስንፈልግ (n+1)/2 ብለን ቦታውን እናገኛለን፤ ለ80 ቁጥሮች 40.5ኛው ቦታ፣ ማለትም የ40ኛውና የ41ኛው አማካይ። ታዲያ ይህ በመደብ ሰንጠረዥ ላይ ለምን አይሠራም?

ምክንያቱም 40.5 የሰዎች ተራ ቁጥር ሲሆን፣ ኢንተርፖሌሽን የሚለካው ግን የተራ ቁጥርን ሳይሆን ያለፍነውን ብዛት ስለሆነ ነው። 25ቱን ሰዎች በ10 ደቂቃ ላይ እኩል ብንበትናቸው ለእያንዳንዱ ሰው 0.4 ደቂቃ ይደርሰዋል። እያንዳንዱን ሰው በድርሻው መካከል እናስቀምጠው። 40ኛው ሰው በመደቡ ውስጥ 20ኛው ነው፤ ከእሱ በፊት 19 ሙሉ ድርሻዎች አሉ፣ በራሱ ድርሻም ግማሹ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የሚገኘው 29.5 ላይ የ0.4 19.5 እጥፍ ሲደመር፣ 37.3 ላይ ነው። 41ኛው ደግሞ ከእሱ 0.4 ርቆ 37.7 ላይ ነው። የሁለቱ አማካይ 37.5 ነው። ጓደኛዎ ያገኘው ቁጥር በዚህ አቀማመጥ የ41ኛው ሰው ቦታ ሆኖ ተገኘ። የ40ኛውንና የ41ኛውን አማካይ የሚለው ሐሳብ ራሱ ልክ ነበር፤ በቀመሩ ውስጥ ያን አማካይ የሚሰጠው ግን n/2 ነው፣ (n+1)/2 አይደለም።

ይህን ማብራሪያ የማይወድ ሰው ካለ ሌላ ፈተና አለ። ሚዲያን ከታች ቢጠጉትም ከላይ ቢጠጉትም አንድ ቦታ መሆን አለበት። ከላይ እንጀምር፦ ከ39.5 በላይ ያሉት 18፣ 11 እና 6 ሲደመሩ 35 ናቸው። ከላይ ቆጥረን 40 ለመድረስ 5 ሰው ይቀረናል። ከ25ቱ 5 የመደቡ አንድ አምስተኛ ነው፣ ማለትም 2 ደቂቃ፤ ከ39.5 ሁለት ወደ ታች 37.5። ገጠመ። በ40.5 ብንሠራስ? ከታች 37.7፣ ከላይ ደግሞ 39.5 ሲቀነስ 2.2፣ 37.3 ይመጣል። አንዱ ሚዲያን ሁለት ሆነ። እንዲህ ያለ ዘዴ መጣል አለበት። በመቶ ሺህ ሰዎች መረጃ ላይ ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም፤ በ80 ላይ ግን 0.2 ነው።

ከላይ ወደ ታች መሥራት ቀደም ብዬ ቃል የገባሁት ማረጋገጫም ነው። በ45 ያካፈለውን ሰው እንፈትነው። ከታች 33.9 ነበር ያገኘው። ከላይ ሲመጣ 5 በ45 ተካፍሎ በ10 ሲባዛ 1.1 ይሆናል፤ 39.5 ሲቀነስ 1.1 ደግሞ 38.4 ነው። ከ33.9 ጋር አይገናኙም፤ ስሕተቱ ራሱን አጋለጠ። በወረቀት ላይ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ስለሆነ ሁልጊዜ ቢሠሩት ይሻላል። አንድ የማይይዘው ነገር ግን አለ፦ ወሰኖቹን በተሳሳተ ቦታ የያዘ ሰው (ለምሳሌ 30 እና 40) ከሁለቱም በኩል 38.0 ያገኛል። የወሰን ስሕተት የሚታረመው አመዘጋገቡን በመጠየቅ ብቻ ነው።

n ጎዶሎ ሲሆንም ነገሩ አይለወጥም። 81 ሰው ቢኖር 40.5 ራሱ n/2 ነው፤ ወደ 41 አያጠጋጉት።

በግራፍ የሚሠሩ ከሆነ፣ የተጠራቀመው ድግግሞሽ መስመር (ኦጂቭ) ይህንኑ ስሌት በዓይን ያሳያል፦ ከ40 ወደ ጎን፣ ከመስመሩ ወደ ታች። ነጥቦቹ የሚተከሉት ግን በላይኛ ወሰኖች ላይ ነው፤ 20 በ29.5 ላይ፣ 45 በ39.5 ላይ፣ መነሻው ደግሞ 0 በ9.5 ላይ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥፋት እንደ ድግግሞሽ ፖሊጎን በመደቡ መካከል መትከል ነው። ያን ጊዜ መስመሩ በሙሉ በግማሽ ወርድ ወደ ግራ ይንሸራተትና 32.5 ይነበባል። የግራፍዎ ንባብ ከስሌቱ በ5 ያህል ካነሰ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። በኮምፒውተር ማረጋገጥ ለሚፈልግ አራት መስመር ይበቃል፦

```python
import numpy as np
wesen = [9.5, 19.5, 29.5, 39.5, 49.5, 59.5, 69.5]
dimir = [0, 6, 20, 45, 63, 74, 80]
print(np.interp(40, dimir, wesen))  # 37.5
```

37.5 እውነተኛው ሚዲያን ነው ወይ?

አይደለም፤ ግምት ነው። ሰንጠረዡ በእርግጠኝነት የሚነግረን 40ኛውም 41ኛውም ሰው በ30–39 መደብ ውስጥ መሆናቸውን ብቻ ነው። በመደቡ ውስጥ ማን የት እንደቆመ መረጃው ሲጠቀለል ጠፍቷል። እኩል ተበትነዋል ያልነው እኛ ነን።

ይህ ግምት በጣም የሚፈርሰው ሰዎች ጊዜያቸውን ራሳቸው ሲናገሩ ነው። ሰው 32 ደቂቃ አይልም፤ 30 ወይም 35 ይላል። ከ25ቱ 10ሩ 30፣ 11ዱ 35 ብለው የቀሩት 4 ከ36 እስከ 39 ቢሆኑ፣ በመደቡ ውስጥ 20ኛውም 21ኛውም 35 ላይ ናቸው። የጥሬው መረጃ ሚዲያን 35 ሆነ፤ ቀመሩ ግን ከ37.5 አይነቃነቅም። በሰዓት መለኪያ የተመዘገበ መረጃ ላይ እንዲህ ያለ ክምችት እምብዛም አይገኝም፤ በቃል ከተሰበሰበ ግን ይጠርጥሩ።

ሌላው መዛባት የሚመጣው ድግግሞሹ በመደቡ ውስጥ በኃይል ሲወርድ ወይም ሲወጣ ነው፤ ይህን ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት መደቦች ይጠቁማሉ። በእኛ ሰንጠረዥ ጎረቤቶቹ 14 እና 18 ናቸው። ብዙ ስለማይራራቁ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ነገር የለም፣ 37.5 ያስኬዳል። ጎረቤቶቹ 60 እና 5 ቢሆኑ ግን በመደቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ወደ ታችኛው ወሰን ተጠግተው መቆማቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ሚዲያን ቀመሩ ከሚለው ዝቅ ይላል። ድግግሞሹ እየወጣ ሲሄድ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።

ግምቱን ለማጥበብ ብቸኛው መንገድ መደቡን ማጥበብ ነው። መረጃውን የያዘው ሰው የሚዲያኑን መደብ ብቻ ለሁለት ከፍሎ ቢሰጥዎት፣ 30–34 ላይ 9፣ 35–39 ላይ 16 ብሎ፣ የተጠራቀመው 29 ይሆንና ሚዲያኑ ወደ ሁለተኛው ይገባል። ስሌቱ 34.5 ላይ 11/16ን በ5 አባዝቶ መደመር ነው፤ 37.9 ያህል ይወጣል። ቁጥሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ የተረጋገጠው ክልል ግን ከ10 ደቂቃ ወደ 5 ጠበበ። ሌሎቹ መደቦች እንዳሉ ይቆዩ፣ ወርዳቸው ቢለያይም ችግር የለም፤ ቀመሩ የሚጠይቀው የሚዲያኑን መደብ ወርድ ብቻ ነውና። የመጨረሻው መደብ «60 እና ከዚያ በላይ» ቢባልም ሚዲያኑ አይነካም። ግማሹ ሰው የሚሞላው በዚያው ክፍት መደብ ውስጥ ከሆነ ግን ላይኛ ወሰን ስለሌለ h የለም፤ ያን ጊዜ ማለት የሚቻለው «ሚዲያኑ ከ59.5 በላይ ነው» ብቻ ነው።

አንድ ትንሽ ጉዳይ ቀርቷል። የተጠራቀመው በትክክል 40 ላይ ካረፈ ሚዲያኑ የዚያ መደብ ላይኛ ወሰን ነው፤ በዚያኛው ቢያሰሉትም በቀጣዩ መደብ ቢያሰሉትም ያው ቁጥር ይመጣል። ቀጣዩ መደብ ባዶ ከሆነ ብቻ፣ ድግግሞሹ 0 ስለሆነ፣ በእሱ ማስላት በዜሮ ማካፈል ይሆናል፤ በባዶው መደብ ውስጥ ያለ ማንኛውም ነጥብ መረጃውን እኩል ለሁለት ስለሚከፍል የመካከሉን ነጥብ መውሰድ የተለመደ ነው።